ራስና ትከሻን እና ድርብ ጫፍን ከቢትኮይን ቻርት ላይ መለየት፣ ታርጌታቸውንም መለካት

ቻርት ላይ አንድ ራስና ሁለት ትከሻ ማየት ከባድ አይደለም። ገንዘብ የሚያስከፍለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የአንገቱ መስመር በእርግጥ ተሰብሯል ወይ? ከተሰበረስ ዋጋው እስከ የት ሊወርድ ይችላል? ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። ምሳሌዎቹ ሦስት የቢትኮይን ቅርጾች ናቸው፤ አንዱ ታርጌቱ ጋ የደረሰ፣ አንዱ በተለመደው ስሌት ታርጌቱ ከዜሮ በታች የሚወጣ፣ አንዱ ደግሞ ከተሰበረ በኋላ የከሸፈ። ሦስቱንም ስልካችሁ ላይ ወደ ኋላ ጎትታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀመጥነው ቻርቱ ላይ የሚነበበው እሱ ስለሆነ ነው፤ ዋጋዎቹን ደግሞ ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል።

መጀመሪያ ቻርቱን አስተካክሉ

TradingView ላይ BTCUSDT ብላችሁ ፈልጉና የአንድ መገበያያ ብቻ ምረጡ፤ ከዚያ 1D ላይ አድርጉት። መገበያያ መቀያየር የለም፤ የካንድሉ ክር አንዱ ጋ ረጅም፣ ሌላው ጋ አጭር ሊሆን ስለሚችል ዛሬ በአንዱ ያሰመራችሁት መስመር ነገ በሌላው ላይ ቦታውን ይስታል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የክሪፕቶ የቀን ካንድል የሚዘጋው በUTC እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህ ድሬዳዋም ሐረርም ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከዚራ ተቀምጣችሁ «ሰበረ!» የምትሉት ካንድል ለመዝጋት ገና አምስት ሰዓት ይቀረዋል፤ በእነዚያ አምስት ሰዓታት ውስጥ አሜሪካኖቹ ገበያ ላይ ናቸውና ብዙ ነገር ይገለበጣል። ሌሊት መንቃት አያስፈልግም። ጧት ተነስታችሁ የተዘጋውን ካንድል ማየት ይበቃል፤ በቀን ቻርት ላይ የተሠራ ቅርጽ በስድስት ሰዓት መዘግየት ብዙ አይጎዳም። የ4 ሰዓት ካንድል ለምትጠቀሙ ደግሞ መዝጊያዎቹ በእኛ ሰዓት ጧት 1፣ ረፋድ 5፣ ከቀኑ 9፣ ምሽት 1፣ ምሽት 5 እና ሌሊት 9 ናቸው። የድሬ ሙቀት ሰውን ቤት በሚያስቀምጥበት ከሰዓት በኋላ ቻርት የምታዩ ከሆነ የ9 ሰዓቱን መዝጊያ ጠብቁ እንጂ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አትወስኑ።

ራስና ትከሻን መለየት

1. ከቅርጹ በፊት ጥሩ የሚባል ጭማሪ መኖሩን አረጋግጡ። ይህ የመገልበጫ ቅርጽ ነው፤ የሚገለበጥ ጉዞ ከሌለ ሦስቱ ጉብታዎች የጎንዮሽ መዋዠቅ ናቸው። ጭማሪው ቢያንስ ከቅርጹ ቁመት የበለጠ ይሁን።

2. የግራ ትከሻውን፣ ራሱንና የቀኝ ትከሻውን ምልክት አድርጉባቸው። ራሱ ከሁለቱም ከፍ ማለት አለበት። ትከሻዎቹ እኩል ባይሆኑም ይቀራረቡ፤ የቀኙ ትከሻ ወደ ራሱ ቁመት በጣም ከተጠጋ የምታዩት ሌላ ቅርጽ ነው።

3. በጉብታዎቹ መካከል ያሉትን ሁለት ሸለቆዎች በTrend Line አገናኙና መስመሩን ወደ ቀኝ ሳቡት። የአንገት መስመር የሚባለው ይህ ነው። አግድም መሆን አይጠበቅበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል።

4. ካንድሉ ከመስመሩ በታች እስኪዘጋ ድረስ ቅርጽ አለ አትበሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው የቀኝ ትከሻ መሠራት ሲጀምር ቀድሞ በመግባት ነው። ያልተሰበረ አንገት ያለው ራስና ትከሻ እንደገና ወደ ላይ ሄዶ አዲስ ጫፍ ቢሠራ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

ቮሊዩም ላይ መጻሕፍቱ ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻ እየቀነሰ ሲሰበር ይጨምራል ይላሉ። ክሪፕቶ ላይ ንግዱ በብዙ መገበያያዎች የተበታተነና አንዳንዱም የተነፋ ስለሆነ ቮሊዩምን እንደ ድጋፍ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት። ማረጋገጫው መዝጊያው ነው።

የ2021 ጸደይ፦ ደረጃ በደረጃ ስንለካው

ቻርቱን ወደ 2021 መጀመሪያ ጎትቱ። ቢትኮይን ፌብሩዋሪ 21 ላይ 58 ሺህ ዶላር አካባቢ ደረሰና በሳምንት ውስጥ ፌብሩዋሪ 28 ላይ 43,000 ወረደ። ከዚያ ኤፕሪል 14 ላይ 64,800 ወጣ፤ ራሱ ይህ ነው። ኤፕሪል 25 ላይ 47,000 ወረደ። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት መግቢያ ደግሞ እስከ 59,500 ብቻ ወጥቶ ቆመ፤ የቀኝ ትከሻ።

የአንገት መስመሩ ከ43,000 ወደ 47,000 የሚወጣ ነው። በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል 56 ቀን አለ፤ ስለዚህ መስመሩ በቀን 71 ዶላር ገደማ ይወጣል። ይህን ቁጥር ማወቅ የሚጠቅመው መስመሩ በእያንዳንዱ ቀን የት እንዳለ በእርግጠኝነት ለመናገር ነው። ራሱ በተሠራበት ኤፕሪል 14 መስመሩ 46,200 ላይ ነበር። ሜይ 13 ላይ 48,300፣ ሜይ 15 ላይ 48,400።

አሁን ሜይ 13ን አጉሉና ካንድሉን ብቻውን ተመልከቱት። ክሩ ከ47,000 በታች ወርዷል፤ ማለትም መስመሩን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ አልፎታል። ካንድሉ የተዘጋው ግን ከ49,500 በላይ ነው። በዚያ ቀን ክሩን አይቶ የገባ ሰው ያልተሰበረ መስመር ላይ ነው የገባው። ሜይ 15 ላይ ግን ካንድሉ 46,700 ላይ ተዘጋ፤ ከመስመሩ 3.5 በመቶ በታች። ይህ ስብራት ነው።

ቁመቱን የምትለኩት ከራሱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እስከ መስመሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ከራሱ እስከ ዝቅተኛው ሸለቆ ይለካል። መስመሩ ሲያዘነብል እንዲህ መለካት ቁመቱን ያለ አግባብ ያስረዝመዋል፤ በዚህ ምሳሌ ላይ በ3,200 ዶላር። ሁለተኛው ስህተት ቁመቱን ከሸለቆው ላይ መቀነስ ነው፤ የሚቀነሰው መስመሩ ከተሰበረበት ነጥብ ላይ ነው።

```
ታርጌት = መሰበሪያ − (ራስ − ከራሱ ሥር ያለው አንገት)
48,400 − (64,800 − 46,200) = 29,800
```

ሜይ 19 ላይ ዋጋው እስከ 30,000 ወረደና 37 ሺህ አካባቢ ተዘጋ። ስሌቱ በሁለት መቶ ዶላር ብቻ ነው የሳተው። ግን በዚያች ሁለት መቶ ዶላር ላይ ቆም በሉ፤ ማዘዣውን በትክክል 29,800 ላይ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ቀን አልተፈጸመለትም። ዝቅተኛው ዋጋ የቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ በተለይ እንደዚያ ባለ ቀን መገበያያዎቹ ራሳቸው ስለሚጨናነቁ ስልክ ላይ ሆኖ ደርሶ ማዘዝ የሚታሰብ አይደለም። ማዘዣው አስቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ ከታርጌቱም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ለምሳሌ የቁመቱን አምስት በመቶ ያህል ከፍ አድርጎ። እዚህ ላይ 30,700 ይሆናል ማለት ነው።

ታርጌቱን እንደ አንድ ነጥብ ማየት የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ይህንኑ ቻርት ሌላ ሰው ማርች 13 ላይ የተሠራውን የ61,800 ጉብታ የግራ ትከሻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ያኔ መስመሩ ከማርች 25 ሸለቆ፣ ከ50,400፣ ተነስቶ ወደ 47,000 የሚወርድ ይሆናል። ቁመቱ 16,600 ይመጣል፤ ስብራቱ የሚረጋገጠው ሜይ 17 ላይ 44,600 አካባቢ ነው፤ ታርጌቱ 28,000። ሁለቱም አነባበብ ትክክል ነው። ስለዚህ ከ28 እስከ 30 ሺህ ያለውን አካባቢ እንደ ዞን ያዙት።

ድርብ ጫፍና ከዜሮ በታች የሚወጣው ታርጌት

ድርብ ጫፍ አለካኩ ይቀላል፤ ሁለት ጫፎች፣ በመካከላቸው አንድ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ላይ አግድም መስመር። ሁለቱ ጫፎች በጥቂት በመቶ ብቻ ይለያዩ፤ በቢትኮይን የሳምንት ቻርት ላይ እስከ ስድስት ሰባት በመቶ ድረስ መታገስ ይቻላል። በጫፎቹ መካከልም በቂ ጊዜና በቂ ጥልቀት ይኑር። በቀን ቻርት ላይ በአራት ካንድል የተራራቁ ሁለት ጫፎች አንድ ጫፍ ናቸው።

አሁን ቻርቱን ወደ 1W ቀይሩት። ኤፕሪል 2021 ላይ 64,800፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2021 ላይ 69,000፤ በመካከላቸው ጁን 22 ላይ 28,800። በተለመደው ቀመር ስታሰሉት ቁመቱ 40,200 ነው። ከ28,800 ላይ ስትቀንሱት ከዜሮ በታች 11,400 ይወጣል። ዋጋ ከዜሮ በታች አይሄድም፤ ስለዚህ ስህተቱ ቅርጹ ላይ ሳይሆን መለኪያው ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መደበኛው ስኬል የሚቆጥረው ዶላር ነው፤ ከ69 ሺህ ወደ 59 ሺህ መውረድና ከ20 ሺህ ወደ 10 ሺህ መውረድ ለእሱ አንድ ናቸው። ለባለገንዘቡ ግን የመጀመሪያው የ14.5 በመቶ፣ ሁለተኛው የ50 በመቶ ኪሳራ ነው። የቅርጹ ቁመት ትልቅ ሲሆን መለካት ያለበት በመቶኛ ነው፤ ይህን የሚያሳየው የሎግ ስኬል ነው። ኮምፒውተር ላይ Alt+L ተጫኑ፤ ወይም በቀኝ በኩል ያለውን የዋጋ ዓምድ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ Logarithmic የሚለውን ምረጡ። ወደ መደበኛው ለመመለስ Regular ነው።

በሎግ ሲለካ ማካፈልና ማባዛት እንጂ መቀነስ የለም፤

```
ታርጌት = መሰበሪያ × አንገት ÷ ጫፍ
28,800 × 28,800 ÷ 69,000 = 12,000
```

በቃል ሲነገር ከጫፉ እስከ አንገቱ 58 በመቶ ወርዷል፤ ከአንገቱ በታችም ሌላ 58 በመቶ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ስብራቱ የመጣው በጁን 2022 ነው። ከዚያ በፊት ሜይ 12 ላይ ክሩ እስከ 26,700 ወርዶ ነበር፤ የቀኑ መዝጊያ ግን ወደ 29,000 ተመልሷል። ጁን 11 ላይ 28,400 አካባቢ ተዘጋ፤ ይህ ከመስመሩ በታች በአንድ በመቶ ተኩል ብቻ ስለሆነ ገና ያጠራጥራል። በማግስቱ፣ ሳምንቱም በተዘጋበት እሁድ፣ 26,700 አካባቢ ሲዘጋ ጥርጣሬው አበቃ። በስድስት ቀን ውስጥ 17,600 ደረሰ፤ ኖቬምበር 21 ላይ 15,500 አካባቢ ነክቶ መውረዱን አቆመ። 12,000 አልደረሰም።

ይህ የስሌቱን ወሰን ያሳያል። የሎጉ ታርጌት አቅጣጫውንና የውረዱን ስፋት በትክክል አመልክቷል፤ ግን ቅርጹ በዚህን ያህል ሲተልቅ ሙሉ ታርጌቱን መጠበቅ መመኘት ይሆናል። ትልልቅ ቅርጾች ላይ የሎጉን ርቀት ግማሽ እንደ መጀመሪያ ማረፊያ ያዙ። እዚህ ላይ በ28,800 እና በ12,000 መካከል ያለው የሎግ አጋማሽ 18,600 ነው፤ ለማግኘት ሁለቱን አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ።

በየትኛው ስኬል ልለካ ለሚል ሰው የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው፤ የቅርጹ ቁመት ከጫፉ 20 በመቶ በታች ከሆነ ሁለቱ ስሌቶች ስለሚቀራረቡ በቀለለው ለኩ። ከ20 እስከ 35 በመቶ ባለው ውስጥ ሁለቱንም አውጡና የሎጉን እንደ መጀመሪያ፣ የመደበኛውን እንደ ሁለተኛ ታርጌት ያዙ። ከዚያ ካለፈ ሎግ ብቻ። የ2021 ጸደይ ቅርጽ ቁመት ከራሱ 29 በመቶ ገደማ ነበር፤ በሎግ 48,400 × 46,200 ÷ 64,800 ሲሰላ 34,500 ይመጣል። ሜይ 19 ላይ ይህኛው ያለ ችግር ተመትቷል።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ያዘነበለ መስመር ስኬል ስትቀይሩ ቦታውን ይቀያይራል። በአንዱ ስኬል ያሰመራችሁትን በሌላው አታንብቡ። አግድም መስመርን ይህ አይነካውም።

ሲከሽፍ ምን ይመስላል

2024ን ክፈቱ። ማርች 14 ላይ 73,800፣ ጁን 7 ላይ 72,000፤ ሸለቆው ሜይ 1 ላይ 56,500። ቅርጹ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው የሚያስብል ድርብ ጫፍ ነበር። የመደበኛው ታርጌት 39,200፣ የሎጉ 43,300።

ጁላይ 5 ላይ ክሩ 53,500 ነካ፤ ጁላይ 7 ላይ ካንድሉ 55,900 አካባቢ ተዘጋ። ከመስመሩ በታች ነው፤ ግን በአንድ በመቶ ብቻ። በሳምንት ውስጥ ዋጋው ከ60,000 በላይ ሆነ፤ በወሩ መጨረሻ 70,000 ነካ። መዝጊያው ቢያንስ ሦስት በመቶ ከመስመሩ በታች ይሁን የሚለውን ማጣሪያ የያዘ ሰው ከዚህ ይድን ነበር፤ የ2021ና የ2022 ስብራቶች ሁለቱም ይህን ማጣሪያ አልፈዋል።

ነገር ግን ኦገስት 5 ላይ ዋጋው እስከ 49,000 ወርዶ 54,000 አካባቢ ተዘጋ። ይህ ከአራት በመቶ በላይ ነው፤ ማጣሪያውን አልፏል። በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ እንደገና ከ61,000 በላይ ነበር። በዲሴምበር ቢትኮይን 100,000 ተሻገረ። ማጣሪያ ስህተትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ሦስት በመቶውን ወደ ስድስት ብታሳድጉት ይህኛውን ትድናላችሁ፣ የ2021ን ስብራት ግን ሁለት ቀን ዘግይታችሁ ትይዛላችሁ።

የከሸፈ ስብራት በግልጽ የሚታወቀው ዋጋው ተመልሶ ከአንገት መስመሩ በላይ ሲዘጋና በማግስቱም እዚያው ሲቆይ ነው። አንድ ቀን በቂ አይደለም። ሜይ 16 ቀን 2021ን ተመልከቱ፤ ዋጋው በቀኑ ውስጥ ከ49,500 በላይ ወጥቶ መስመሩን ወደ ላይ ካለፈ በኋላ 46,400 አካባቢ ተዘጋ። ይህ ሰዎች ሪቴስት የሚሉት ነው፤ ከስር የተሰበረው ሰፖርት ከላይ እንደ ጣሪያ መልሶ ገፋው። ስቶፕ ሎሱን ከመስመሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ 49,000 ላይ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ቀን ተባሮ ወጥቶ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣውን ውረድ ከዳር ቆሞ አይቷል።

ስለዚህ ስቶፑ የት ይሁን? የቀኝ ትከሻው ጫፍ፣ 59,500፣ በጣም ሩቅ ነው፤ ከ46,700 ሲገባ አደጋው 12,800፣ እስከ 29,800 ያለው ትርፍ 16,900። ይህ ጥምርታ 1.3 ገደማ ብቻ ነው፤ ደካማ ነው። የሚሻለው በመሰበሪያውና በትከሻው ጫፍ መካከል ከታች ሲቆጠር ሲሶው ላይ፣ 52,100 አካባቢ ማድረግ ነው። አደጋው 5,400 ይሆናል፤ ጥምርታው ከ3 ይበልጣል፤ የሜይ 16 ክርም አይደርስበትም።

ሌቨሬጅ ተጠቅሞ ሾርት ማድረግን አንመክርም፤ ክሪፕቶ ላይ ሪቴስቱ ራሱ 5ና 6 በመቶ የሚሄድ ስለሆነ በ20 እጥፍ የገባ ሰው ትክክል ሆኖም ይጠረጋል። ኮይኑን በእጁ ለያዘ ሰው የዚህ ስሌት ጥቅም ሌላ ነው። ስብራቱ ሲረጋገጥ የያዛችሁትን በከፊል ወደ USDT ታዞራላችሁ፤ ከሎጉ ታርጌት ጀምሮ እስከ መደበኛው ድረስ መልሶ የመግዣ ማዘዣዎችን በሦስት በአራት ከፍላችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ዋጋው ተመልሶ ሁለት ቀን ከመስመሩ በላይ ከተዘጋ ደግሞ ማዘዣዎቹን ሰርዛችሁ የሸጣችሁትን እዚያው ትተካላችሁ። የዚህ መጨረሻው ወጪ በመሸጫና በመተኪያ ዋጋው መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ፣ ከመሸጣችሁ በፊት አሰሉትና ስንት መሸጥ እንዳለባችሁ በእሱ ወስኑ።